ከባሕር ዳር ሆኖ የስቲም ቅናሽን መጠበቅ፦ ዊሽሊስት፣ ስቲምዲቢ ወይስ ኢዝ ዜር ኤኒ ዲል?

ስቲም ላይ ጌም በሙሉ ዋጋ መግዛት እኛ ጋ ከባድ ነው። ዋጋው በዶላር ነው የሚመጣልን። ብር አይቀበሉም። ዶላሩን የሚያገኝልን ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ነው፣ ወይ ጊፍት ካርድ በብር የሚሸጥ ሰው ነው። ሁለቱም በየቀኑ የሚደወልላቸው አይደሉም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የትኛውን ጌም ልግዛ?» ብቻ አይደለም፤ «ያለችኝን ዶላር መቼ ላውጣት?» የሚለውም ነው።

ይህን ለመወሰን የሚረዱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የምንፈልጋቸውን ጌሞች የምናስቀምጥበት የስቲም የራሱ ዝርዝር፣ ዊሽሊስት ነው። ሁለተኛው steamdb.info ላይ የሚገኘው የዋጋ ታሪክ ነው። ሦስተኛው isthereanydeal.com ሲሆን የብዙ መደብሮችን ዋጋ አንድ ላይ ያሳያል። ሦስቱም በነጻ ይሠራሉ። ብዙ ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን ይረሳል፣ ወይም ሦስቱንም ከፍቶ በኢሜይል ይጥለቀለቃል። እኔ የምመክረው ዊሽሊስቱን እንደ ደወል መጠቀም፣ ውሳኔውን ግን በስቲምዲቢ ታሪክ ላይ መመሥረት ነው። ሦስተኛው የሚያስፈልገው ለተወሰነ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

መጀመሪያ የቅናሽ ወቅቶቹን ማወቅ

ስቲም በዓመት አራት ትልልቅ የወቅት ቅናሾች አሉት። በ2025 የፈረንጆች ዓመት የጸደዩ ከማርች 13 እስከ 20 ነበር፤ በእኛ ከመጋቢት 4 እስከ 11 ማለት ነው። የበጋቸው ከጁን 26 እስከ ጁላይ 10 ነበር። ይህ ከሰኔ 19 እስከ ሐምሌ 3 ነው፤ እኛ ጋ ክረምቱ የገባበት ጊዜ ነው። የመኸሩ ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኦክቶበር 6 ነበር፤ ከመስቀል ሁለት ቀን በኋላ መስከረም 19 ጀምሮ መስከረም 26 አለቀ። የክረምታቸው ከዲሴምበር 18 እስከ ጃንዋሪ 5 ቆየ። በእኛ ከታኅሣሥ 9 እስከ 27 ስለሆነ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ተዘጋ።

ቀኖቹ ከዓመት ዓመት ትንሽ ይንሸራተታሉ። የመኸሩ ቅናሽ ለምሳሌ ቀድሞ በኖቬምበር ነበር። ደግነቱ የስቲም ባለቤት ቫልቭ ቀኖቹን ለጌም ሠሪዎች አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ዝርዝሩም ለሁሉም ክፍት ነው። እነዚያን ቀኖች ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቧቸው። እዚህ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ የቆየበትን ጊዜ ማንም አይረሳውም። ኔት ሲጠፋ ኢሜይሉም ማሳወቂያውም አይደርስም። ካላንደር ላይ የተጻፈ ቀን ግን ኔት አይፈልግም።

ሰዓቱም ይጠቅማል። ቅናሹ የሚጀምረው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 10፡00 ላይ ነው። ይህ በበጋቸው ጊዜ ለእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ማታ 3 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ስለሚገባ መደብሩ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። አትጨነቁ። እስከ 2015 ድረስ በቅናሹ መሐል በየቀኑና በየሰዓቱ የሚቀያየሩ ልዩ ዋጋዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት በመኸሩ ቅናሽ ይህ ቀረ። አሁን ጌሙ በመጀመሪያው ቀን የተለጠፈበት ዋጋ እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያል። ስለዚህ በነጋታው ጠዋት፣ መስመሩ ፈጠን ሲል ብትገዙ ምንም አያመልጣችሁም። «በመጨረሻው ቀን የበለጠ ይወርዳል» የሚለው ወሬም የዚያ የድሮ ዘመን ነው።

ከአራቱ ውጭም በየሳምንቱ ትንንሽ ቅናሾች አሉ፤ አሳታሚው ለብቻው የሚያወጣቸው፣ በጌም ዓይነት የሚዘጋጁም ይገኛሉ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ጌም ቅናሽ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ለ30 ቀን ሌላ ቅናሽ ማድረግ አይችልም። አራቱ የወቅት ቅናሾች ግን ከዚህ ነጻ ናቸው። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ ላይ ያመለጣችሁ ቅናሽ በሰኔው የወቅት ቅናሽ ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዋጋው የጨመረ ጌምም ለ30 ቀን መቀነስ አይችልም። በዓል ሲቃረብ ዋጋ ሰቅሎ «ቅናሽ» ብሎ የመለጠፍ ዘዴ ስቲም ላይ በቀላሉ አይሠራም።

ዊሽሊስቱ፦ ደወል ነው፣ ፈራጅ አይደለም

ዊሽሊስት ላይ ጌም መጨመር አንድ ንክኪ ነው። የጌሙን ገጽ ትከፍታላችሁ፣ Add to your wishlist የሚለውን ትነካላችሁ። ከዚያ በኋላ ጌሙ በ20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስ ስቲም ኢሜይል ይልካል። የስልኩ አፕሊኬሽንም ማሳወቂያ ይሰጣል። ከ20 በመቶ በታች የሆነ ቅናሽ በኢሜይል አይመጣም፤ ይህም አይጎዳም፤ 10 በመቶ ለእኛ የሚያጓጓ ዋጋ አይደለምና።

ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። ሌላ አካውንት፣ ሌላ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ቅናሽ ሲገባ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ቅናሽ ያላቸውን ብቻ ማጣራት ትችላላችሁ።

ድክመቱ ግን ትልቅ ነው። ዊሽሊስት የዛሬውን ዋጋ እንጂ የትናንቱን አይነግርም። አረንጓዴው ምልክት ላይ 40 በመቶ ተብሎ ሲጻፍ ጥሩ ይመስላል። ጌሙ ባለፈው ታኅሣሥ 60 በመቶ ወርዶ ከነበረስ? ወይም በተቃራኒው 40 በመቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ቢሆንስ? ሁለቱ ሁኔታዎች ዊሽሊስት ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚታዩት። ውሳኔያቸው ግን ፍጹም ይለያያል።

ሌላው ችግር የዝርዝሩ ርዝመት ነው። ያየነውን ሁሉ ስንጨምር ዊሽሊስት መቶና ሁለት መቶ ጌም ይሞላል። በቅናሽ ቀን ደርዘን ማሳወቂያ በአንዴ ይመጣል፤ እውነት የምንፈልገው አንዱ ከመሐል ይጠፋል። ዝርዝሩን በእጅ እየጎተቱ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል። ከላይ ያሉት አምስቱ በሚቀጥለው ቅናሽ ገንዘብ ይዛችሁ የምትገዟቸው ይሁኑ። ከታች ያሉት ይቆዩ፤ ማስታወሻ ናቸው።

ስቲምዲቢ፦ ታሪኩን ማንበብ

ስቲምዲቢ የቫልቭ አይደለም። በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት ድረ ገጽ ነው። የጌሙን ስም ትፈልጋላችሁ፣ ገጹ ላይ በየገንዘቡ ዓይነት የተዘረዘረ የዋጋ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። ለእኛ የሚሆነው U.S. Dollar የሚለው መስመር ነው። ሕንድ ወይም ብራዚል ላይ ርካሽ ሆኖ ብታዩት አይመለከታችሁም፤ እዚያ የሚኖር ሰው የሚከፍለው ነው። ከዛሬው ዋጋ ጎን እስከ ዛሬ የተመዘገበው ዝቅተኛ ዋጋ ይታያል። ከሥር ደግሞ ግራፉ አለ፤ ዋጋው በየጊዜው ሲወርድና ሲመለስ የሚያሳይ መስመር።

ብዙ ሰው ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይሄዳል። የሚያስተምረው ግን የግራፉ ቅርጽ ነው። እኔ የማያቸው ሦስት ዓይነት ቅርጾች ናቸው።

የመጀመሪያው እንደ ደረጃ የሚወርድ ነው። ጌሙ ሲወጣ 10 በመቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ 20፣ ቀጥሎ 25፣ ከዚያ 33፣ ከዚያ 40። ይህ የብዙ አዲስ ጌሞች መንገድ ነው። አሳታሚው ሙሉ ዋጋ የሚከፍለውን ሰው መጀመሪያ ያስተናግዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወርዳል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት «ቀጣዩ ደረጃ መቼ ነው?» የሚለው ነው። የደረጃዎቹን ርቀት ተመልከቱ። በየወቅቱ አንድ ደረጃ የሚወርድ ከሆነ አንድ ወቅት መጠበቅ ያዋጣል። ለሦስት ተከታታይ ወቅቶች አንድ ቦታ ከቆመ ግን ሠሪው እዚያ ላይ ተመችቶታል ማለት ነው፤ ለጊዜው ወለሉ ያ ነው።

ሁለተኛው ቅርጽ የመጋዝ ጥርስ ነው። ዋጋው ሜዳ ላይ ቆይቶ በየወቅቱ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ ይወርድና ይመለሳል። ቴራሪያን ተመልከቱ፤ 9.99 ዶላር ነው፣ በቅናሽ ጊዜ ደጋግሞ ግማሽ ይሆናል። ፖርታል 2ም 9.99 ሆኖ በትልልቅ ቅናሾች 0.99 ድረስ ወርዶ ያውቃል። እንዲህ ያለ ጌም ከተለመደው ቦታ በታች ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ትርጉም የለውም። ከተለመደው ቦታ በላይ መግዛትም ትርጉም የለውም። ዛሬ 20 በመቶ ብቻ ቀንሶ ከሆነ እለፉት፤ የለመደው ዋጋ ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው ሜዳ ብቻ ነው። ምንም ጥርስ የለውም። የዚህ ምሳሌ ፋክቶሪዮ ነው። ሠሪዎቹ ቅናሽ አናደርግም ብለው በግልጽ ተናግረዋል፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል። እንዲያውም በጃንዋሪ 2023 ዋጋውን ከ30 ዶላር ወደ 35 አሳድገውታል። ይህን ጌም ዊሽሊስት ላይ አስቀምጦ የጠበቀ ሰው የተቀበለው ማሳወቂያ የለም፤ ዋጋው ግን ጨምሮበታል። እውነት የምትፈልጉት ከሆነ ገንዘቡ በተገኘ ቀን ግዙት። ይህን የምታውቁት ደግሞ ግራፉን ስታዩ ብቻ ነው። ዊሽሊስት ዝም ካለ «ገና አልቀነሰም» ነው ወይስ «አይቀንስም» ነው፣ አይለይም።

ግራፉ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «እስከ ዛሬ ዝቅተኛ» የሚለው ቁጥር ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንዴ ብቻ የሆነ ሊሆን ይችላል። ቀኑን እዩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልተደገመ ዋጋ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። መነሻ ዋጋውንም አብራችሁ እዩ። ጌሙ ቀድሞ 20 ዶላር ሆኖ በ50 በመቶ 10 ይሸጥ ከነበረ፣ አሁን መነሻው 30 ሆኖ በ60 በመቶ ቢቀንስ 12 ዶላር ነው። መቶኛው አደገ፣ ዋጋውም አደገ። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ዶላሩን አወዳድሩ።

አንድ ስሌት ከነብሩ

የወንድሜ ልጅ ፖሊ ነው የሚማረው። በጸደዩ ቅናሽ ጊዜ ደውሎ «አጎቴ፣ የምጠብቀው ጌም 40 በመቶ ቀንሷል፣ ልግዛው ወይስ ሰኔን ልጠብቅ?» አለኝ። «ታሪኩን አይተሃል?» አልኩት። ከፈተው። አብረን ያሰብነውን እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ።

ጌሙ 24.99 ዶላር ነው እንበል። ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግራፉ በደረጃ ወርዷል፦ 20፣ 25፣ 33፣ ከዚያ 40። ባለፉት ሦስት ወቅቶች ግን 40 ላይ ቆሟል። 40 በመቶ ሲቀንስ 14.99 ዶላር ነው። ሰኔ ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ እንደገና 40 ይሆናል፣ ወይ 50 ደርሶ 12.49 ይሆናል። ስለዚህ የመጠበቅ ትርፉ ቢበዛ 2.50 ዶላር ነው።

አሁን ብሩን እናስገባው። የዋጋ ታሪክ ሁሉ በዶላር ነው የተጻፈው። እኛ የምናወጣው ግን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ሰኔ ላይ በርካሽ የነበረ ጌም «ታኅሣሥ ላይ የበለጠ ይወርዳል» ብሎ የጠበቀ ሰው፣ ጌሙ በዶላር ቢወርድለትም በብር ጨመረበት። ስቲምዲቢ ይህን አያሳይም። ሊያሳይም አይችልም።

ለምሳሌ ጊፍት ካርድ የሚሸጥላችሁ ሰው አንዱን ዶላር በ160 ብር ያስባል እንበል። የባንኩ ዋጋ አይደለም፤ የሱ ነው፤ ለድካሙም ይጨምርበታል። በመጋቢት ጌሙ 14.99 ሲባዛ በ160፣ ወደ 2,398 ብር ይመጣል። እስከ ሰኔ የሰውየው ዋጋ በ10 በመቶ ጨምሮ 176 ቢሆንና ጌሙ 50 በመቶ ቢቀንስ፣ 12.49 በ176 ወደ 2,198 ብር ነው። 200 ብር ተተርፏል። ጌሙ ግን 40 ላይ ከቆመ 14.99 በ176 ወደ 2,638 ብር ነው። 240 ብር ኪሳራ።

ከ40 በመቶ ቅናሽ ወደ 50 መውረድ የምትከፍሉትን በስድስት አንድ እጅ ይቀንሰዋል። ያንን ለማጥፋት ዶላሩ በ20 በመቶ መወደድ ብቻ ይበቃዋል። ሒሳቡን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ 12.49 ሲባዛ በ1.2፣ ተመልሶ 14.99 ነው። ስለዚህ «አንድ ደረጃ ልጠብቅ» ስትሉ ግራፉን ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሦስት ወራት ጊፍት ካርዱ በብር ምን ያህል እንደጨመረ አስቡ። ብሩ ከተረጋጋ ጠብቁ። ብሩ እየሮጠ ከሆነና ጌሙ የለመደው ቦታ ላይ ከደረሰ ግዙ። የወንድሜ ልጅ ገዛው፤ ለሦስት ወቅት የቆመ ደረጃ ነበርና።

አንድ መውጫ አለ። ምንዛሪው እያስፈራችሁ ጌሙ ደግሞ ገና ካልወረደ፣ ዶላሩን ቀድማችሁ ስቲም ዋሌት፣ ማለትም አካውንታችሁ ላይ ያለው የገንዘብ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ዋሌት ውስጥ ያለ 25 ዶላር ሰኔም 25 ዶላር ነው። ግን ወደ ብር አይመለስም፣ ለሌላ ሰውም አይተላለፍም። የምትፈልጉትን በእርግጥ ስታውቁ ብቻ አድርጉት።

ዶላሩ ከዘመድ የሚመጣ ከሆነ

ዘመድ ስቲም ላይ ዲጂታል ጊፍት ካርድ ሲልክላችሁ በስቲም ጓደኝነት ውስጥ መሆን አለባችሁ፤ ያ ጓደኝነት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን የሞላው መሆን አለበት። ቅናሹ ከተጀመረ በኋላ «እስቲ ጨምሪኝ» ብትሏት፣ የጸደዩና የመኸሩ ቅናሽ ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ ግማሹ ያልፋል። የእህታችሁን ወይም የአክስታችሁን ልጅ አካውንት ዛሬ ጨምሩ።

ካርዶቹም በተወሰነ መጠን ነው የሚመጡት፤ 5፣ 10፣ 25፣ 50 እና 100 ዶላር። የ12.49 ጌም ለመግዛት 10 እና 5 ይበቃል፤ 2.51 ይተርፋል። የ14.99ኙም በዚያው በ15 ይገዛል። በእጃችሁ የሚመጣው አንድ የ10 ካርድ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱም አይገዙም። ስለዚህ በዋጋ ታሪኩ ላይ የታየውን የተለመደ ዋጋ ለዘመዳችሁ ቀድማችሁ ንገሯት። «12 ወይም 15 ዶላር ነው የሚሆነው፣ 15 ላኪልኝ» ማለት፣ ቅናሹ ሲጀመር ሁለት ጊዜ ከመደወል ይሻላል። እሷም በሰዓት ልዩነት እንቅልፏን አታጣም።

ከመንገድ የሚገዛ ኮድ ከሆነ የአሜሪካ ዶላር ኮድ መሆኑን ጠይቁ። ኮዱን አካውንታችሁ ላይ አስገብታችሁ ገንዘቡ ዋሌት ላይ ሲታይ ነው ግዢው የተጠናቀቀው። በቴሌግራም የተላከ የካርድ ፎቶ ማስረጃ አይደለም።

ኢዝ ዜር ኤኒ ዲል፦ ለማን?

ይህ ድረ ገጽ ከስቲም ውጭ ያሉትንም ያያል። ጎግ፣ ሀምብል፣ ፋናቲካል፣ ግሪን ማን ጌሚንግ፣ ኤፒክ። ሁሉም የተፈቀደላቸው ሻጮች ናቸው። ዌይትሊስት የሚባል የራሱ ዝርዝር አለው፤ የስቲም ዊሽሊስታችሁን ማስገባት ይቻላል። ለዚያ የስቲም ፕሮፋይላችሁ ላይ የጌም ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት።

ከስቲም ዊሽሊስት የሚበልጥበት ዋና ነገር ገደብ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። «ከ13 ዶላር በታች ሲሆን ብቻ ንገረኝ» ማለት ይቻላል። ስቲም እንዲህ አይጠይቃችሁም፤ 20 በመቶ ከሆነ ይልካል። ግራፉን አንብቦ የተለመደውን ዋጋ ያወቀ ሰው ያን ቁጥር እዚህ ላይ ቢያስቀምጥ፣ የማያስፈልጉ ኢሜይሎች ከሞላ ጎደል ይቀራሉ።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ፋናቲካል ላይ ከስቲም በሁለት ዶላር የቀነሰ ጌም ብታገኙ፣ ስቲም ዋሌት ውስጥ ያለው ዶላራችሁ እዚያ አይሠራም። የባንክ ካርድ ይፈልጋል። የእኛ አብዛኛው ገንዘብ ግን ዋሌት ውስጥ ነው። ስለዚህ የባንክ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ሌሎች መደብሮችን ማየቱ ከብስጭት በቀር ጥቅም የለውም። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ስቲምን ብቻ ምረጡ፤ ያኔ ጥሩ የገደብ ደወል ይሆናል። ካልመረጣችሁ «ታሪካዊ ዝቅተኛ ዋጋ» ብሎ የሚያሳያችሁ ሌላ መደብር ላይ የሆነውን ይሆንና ስቲም ላይ በከንቱ ትጠብቁታላችሁ።

ካርድ ያለው፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመዱ በካርድ ገዝቶ ቁልፉን፣ ማለትም ጌሙን የሚያስከፍተውን ኮድ የሚልክለት ሰው ግን ይህን መጠቀም አለበት። ቁልፉ ስቲም ላይ የሚሠራ መሆኑንና ለኢትዮጵያ የተከለከለ አለመሆኑን ከመክፈሉ በፊት ይይ፤ የመደብሩ ገጽ ላይ ይጻፋል።

ሌላ ጂጂ ዲልስ የሚባል ተመሳሳይ ድረ ገጽ አለ። እሱ ከተፈቀደላቸው ሻጮች ጎን ቁልፍ የሚያገበያዩ ገበያዎችንም ለይቶ ያሳያል። እነዚያ ርካሽ ይመስላሉ። ቁልፉ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም፤ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሆኖ ከተገኘ ጌሙ ከአካውንታችሁ ሊነሳ ይችላል። ዶላር ለማግኘት ይህን ያህል ለሚደክም ሰው አልመክረውም።

ታዲያ የትኛው ለማን

በዓመት ሁለት ሦስት ጌም የምትገዙ፣ ገንዘቡም ዋሌት ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ የስቲም ዊሽሊስትና ስቲምዲቢ ይበቃችኋል። ኢሜይሉ ሲመጣ ግራፉን ክፈቱ፣ ቅርጹን ለዩ፣ ወስኑ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮምፒውተር ላይ የምትገዙ ከሆነ የስቲምዲቢን የብራውዘር ማሟያ ጫኑ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ እዚያው ስቲም ገጽ ላይ ያስቀምጥላችኋል።

ዊሽሊስታችሁ ረጅም ሆኖ ማሳወቂያው ካስቸገራችሁ፣ ላይ ያሉትን አምስቱን ብቻ ኢዝ ዜር ኤኒ ዲል ላይ በዶላር ገደብ አስቀምጡ፤ የስቲሙን ኢሜይል ዝጉት። ካርድ ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም መደብር ክፈቱለት።

ኔታችሁ የማያስተማምን ከሆነ በደወል አትመኩ። ካላንደሩ ላይ አራቱን ቀኖች ጻፉ፣ የተለመደውን ዋጋ ከጎኑ ጻፉ፣ ቀኑ ሲደርስ ራሳችሁ ግቡ።

ከገዛችሁ በኋላ ያለውም መታወቅ አለበት። ጌም በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ፣ ስቲም ገንዘቡን ወደ ዋሌት ይመልሳል። ቅናሽ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ገዝታችሁ ቢሆን እንኳ፣ መልሳችሁ በቅናሹ ዋጋ መግዛት ትችላላችሁ፤ ስቲም ራሱ ይህን እንደ ማጭበርበር እንደማይቆጥር ጽፏል። ግን 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ነው፣ አውርዳችሁ ከጨረሳችሁበት አይደለም። 60 ጊጋባይት ጌም በሞባይል ዳታ ለማውረድ ሳምንት የሚፈጅበት ሰው፣ ጌሙ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራ እንደሆነ ሳያይ ጊዜው ሊያልቅበት ይችላል። የማውረጃውን ጥቅል ዋጋም በጌሙ ዋጋ ላይ ደምሩት። ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ጓደኛ ቤትም ይሁን ካምፓስ፣ ካዘጋጃችሁ በኋላ ነው መግዛት ያለባችሁ። የክረምቱና የበጋው ቅናሽ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚቆዩ ለዚህ በቂ ጊዜ አላቸው። የመጋቢቱና የመስከረሙ ግን ሳምንት ብቻ ናቸው፤ ለእነሱ ዳታውንም ዶላሩንም ከቅናሹ በፊት አዘጋጁ።